የአርማው ረቂቅ ከረጢቱ ላይ ለምን አልሠራም? ችግርና መፍትሄ

ሰላም ላንቺ፣

ቡና ቆልቶ ለሚሸጠው ደንበኛችን የሠራሽው ረቂቅ ደርሶኛል። በግልጽ ልንገርሽ፦ እንዲህ እንዳለ ለደንበኛው አይሄድም። የቤተ መንግሥቱ ጣሪያ አሳሳል ግን በጣም ጥሩ ነው፤ የሚጣል ሥራ አይደለም። በስክሪን ብቻ አይቼ መፍረድ ስላልፈለግኩ አርማውን በትክክለኛው መጠን አትሜ ባለ 250 ግራሙ ቡናማ የወረቀት ከረጢት ላይ ለጠፍኩት። ያየሁትን ከነምክንያቱና ከነማስተካከያው ጽፌልሻለሁ።

ምልክት፦ አርማው ከረጢቱ ላይ የቀለም ነጠብጣብ ይመስላል

የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሰገነት፣ ከፊቱ ጀበና፣ በጎንና በጎን የቡና ቅርንጫፍ። በኮምፒውተርሽ ላይ ሁሉም ያምራል። ከረጢቱ ላይ ግን የሰገነቱ የእንጨት ርብራብ ጠፍቷል፤ ቅጠሎቹም ተጣብቀዋል።

ምክንያቱ የመስመሩ ውፍረት ነው። አርማውን የሣልሽው በ20 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ በ1 ፖይንት መስመር ነው። ከረጢቱ ላይ ስፋቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አርማው በስምንት እጥፍ ሲያንስ መስመሩም አብሮ ያንሳል፤ 0.125 ፖይንት ይሆናል ማለት ነው። ይህን በሻካራ ወረቀት ላይ በስክሪን ፕሪንት የሚያትም ሰው ሊያወጣው አይችልም።

ሲታተም ከ0.5 ፖይንት በታች የሚሆን መስመር አይኑርሽ። በ20 ሴንቲ ሜትሩ ሥዕል ላይ ቢያንስ 4 ፖይንት ማለት ነው። በጥቁር መደብ ላይ ባዶ የሚቀር መስመር ደግሞ ቀለሙ ከሁለቱም ጎን ስለሚውጠው እጥፍ አድርጊው። እንዲህ ስታወፍሪ ርብራቡ በቦታው እንደማይበቃ ወዲያው ታዪዋለሽ። ያኔ ቀንሺ፦ የጣሪያው ቅርጽና ሦስት ምሰሶ ይበቃል።

ጀበናውንም አውጪው። ጀበና በየከተማው የቡና ከረጢት ላይ አለ። የጅሬኑ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ግን ያለው እዚህ ጅማ፣ እኛ ጋ ብቻ ነው። ቅርንጫፉን ለትልቁ የሱቅ ታፔላ አቆዪው፤ ለከረጢቱ ጣሪያና ምሰሶ ብቻ ያለው ሁለተኛ አርማ ሥሪ።

ምልክት፦ «ጅማ ቡና» የሚለው «ድማ በና» ተብሎ ይነበባል

ቢሮ ውስጥ ለሌላ ሰው አሳየሁትና እንደዚሁ ነው ያነበበው። የ«ጅ» የላይኛዋ ሰረዝ ከታችኛው አካል ጋር ተዋህዳለች። የ«ቡ» የጎን ቅጥያም እግሩ ውስጥ ሰምጣለች። የእኛ ፊደል በእነዚህ ትንንሽ ምልክቶች ነው የሚለየው፤ እነሱ ሲጠፉ ሌላ ፊደል ይሆናል።

ፋይሉን ከፍቼ አየሁት። የተጠቀምሽው Nyala ነው። Nyala ወፍራም ዝርያ የለውም። ስለዚህ በፊደሉ ዙሪያ መስመር ጨምረሽ አወፈርሽው። ዙሪያውን የሚጨመር መስመር ግን ወደ ውጭ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥም ያብጣል፤ ክፍተቱንም ይዘጋል።

ወፍራም ሆኖ የተሣለ ፎንት ውሰጂ። Noto Sans Ethiopic ከቀጭኑ እስከ በጣም ወፍራሙ ድረስ አለው። Bold የሚለውን ምረጪ፤ Black ለዚህ መጠን ይበዛል። ከዚያ ፊደሎቹን ወደ ቅርጽ ቀይሪና የ«ጅ»ን ሰረዝ በእጅሽ ትንሽ ከፍ፣ የ«ቡ»ን ቅጥያ ትንሽ ረዘም አድርጊ። ፊደሎቹንም ትንሽ አራርቂያቸው። ከጨረስሽ በኋላ በ2.5 ሴንቲ ሜትር አትሚና የስሙን አጻጻፍ ለማያውቅ ሰው አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ አሳዪው። ካመነታ አልተስተካከለም።

በቁቤ የተጻፈው የኦሮምኛ ስም ደግሞ ከታች በጣም አንሷል። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚያነቡት እሱን ነው። ከአማርኛው ጎን በእኩል ደረጃ ይቀመጥ። በፖይንት ቁጥሩ አትመኚ፤ የአማርኛው ፊደል ቁመት ከቁቤው ትልቅ ፊደል ቁመት ጋር በዓይን ይመሳሰል።

ምልክት፦ የድሮው ደንበኛ ቡናውን ሊያገኘው አይችልም

በጣም ያሳሰበኝ ይሄኛው ነው። ሒርማታ አካባቢ ያሉ ሱቆች ውስጥ ሰው ቡናውን በስሙ አይጠራውም። «ያን ባለቀዩን ስጠኝ» ነው የሚለው። አንቺ የድሮውን ከረጢት ቀይ ቀበቶ አንስተሽ ሁሉንም አረንጓዴ አደረግሽው።

ያመጣው የተሰጠሽ ትእዛዝ ይመስለኛል፤ «አዲስ ይሁን» ብቻ ነው የሚለው። ምን መቆየት እንዳለበት አልተጻፈበትም። መሣል ከመጀመርሽ በፊት አሮጌውን ከረጢት ይዘሽ ባለሱቆቹን «በምን ታውቁታላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። የሚደጋገመው መልስ አይነካም፤ ሌላው ሁሉ ያንቺ ነው።

እዚህ ቀዩ ቀበቶ በድሮው ቦታና በድሮው ስፋት ይመለስ። ቀይ ቀለሙ ግን ቡናማ ወረቀት ላይ በቀጥታ ሲታተም ስለሚደበዝዝ ማተሚያ ቤቱ ከሥሩ ነጭ እንዲያስቀድም ንገሪው። ነጩ ተጨማሪ ቀለም ስለሆነ ዋጋ ይጨምራል፤ ለደንበኛው እኔ አስረዳዋለሁ።

ሥራውን በዚህ ቅደም ተከተል ጀምሪው፦ መጀመሪያ ቀበቶው፣ ቀጥሎ ፊደሉ፣ መጨረሻ ላይ አርማው። ስትጨርሺ ፋይሉን አትላኪልኝ። እውነተኛ ከረጢት ላይ ለጥፈሽ፣ ከአሮጌው ከረጢት ጋር ጎን ለጎን ይዘሽልኝ ነይ።