የትኛው ማስክ ለማን? ዋርድ ውስጥ ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ በሽተኛ እንውሰድ። ዕድሜው 40 አካባቢ ነው። ማታ ከድንገተኛ ክፍል «ኒሞኒያ» ተብሎ ወደ ውስጥ ደዌ ዋርድ ገባ። ማሳል ከጀመረ ወር ሊሞላው ነው። ሌሊት አንሶላው እስኪረጥብ ያልበዋል፣ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎታል። ስምንት አልጋ ካለበት ክፍል መሃል ላይ አንድ አልጋ ተገኘለት። አስታማሚ ወንድሙ አጠገቡ ወለል ላይ አነጠፈ። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚጀምሩት እዚህ ነው።

ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ

ጠዋት ቲቢ እንዳለበት ለማየት አክታው ለጂን ኤክስፐርት ይላካል። መሣሪያው ራሱ የሚፈልገው ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ናሙናው ግን እስኪሰበሰብ፣ እስኪላክ፣ ውጤቱም ቻርቱ ላይ እስኪጻፍ አንድ ሁለት ቀን ያልፋል። ሰውየው እስከዚያ መሃል አልጋ ላይ ተኝቶ ያስላል።

የአየር ወለድ ጥንቃቄ የሚጀመረው ከጥርጣሬ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ካለ በሽተኛው ለብቻው ክፍል ይገባል። ብቻውን የሚሆንበት ክፍል ከጠፋ ቢያንስ ከሌሎች ራቅ ብሎ፣ የሚከፈት መስኮት አጠገብ ይተኛ። ውጤቱ ቲቢ አይደለም ካለና ሐኪሙም ካመነበት መመለስ ቀላል ነው። ጎረቤት አልጋ ላይ ያለው የስኳር ሕመምተኛ የተነፈሰውን ግን መመለስ አይቻልም።

ማስኩን ማገላበጥ

ይሄን ብዙ ጊዜ ታዩታላችሁ። ከመጋዘን አንድ ኤን 95 ይገኝና «በሽታው ያለው እሱ ነው» ተብሎ ለበሽተኛው ይሰጣል። ነርሷ ሰርጂካል ማስኳን አድርጋ አጠገቡ ትቆማለች።

ሰርጂካል ማስክ ከአፍና ከአፍንጫ የሚወጣውን ይይዛል። ስለዚህ የበሽተኛው ነው፤ በተለይ ለራጅ ሲወጣና በኮሪደር ሲያልፍ። ጎንና ጎኑ ክፍት ስለሆነ ግን አየር ላይ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ነገር ከመተንፈስ አያድንም። ያን የሚያጣራው ፊት ላይ የሚገጥመው ኤን 95 ነው፤ ስለዚህ የሠራተኛው ነው። በሳል ትንፋሽ ላጠረው በሽተኛ ኤን 95 ማልበስ ጭንቀት መጨመር ነው፤ ደግሞም ከአምስት ደቂቃ በኋላ አገጩ ላይ ታገኙታላችሁ። መሃሉ ላይ የፕላስቲክ ቫልቭ ያለውን ዓይነት ከሆነማ የባሰ ነው፤ ቫልቩ የሚወጣውን ትንፋሽ ሳያጣራ ይለቀዋል።

ኤን 95 አድርጎ ዳር ዳሩን ክፍት መተው

ኤን 95 የሚባለው ጨርቁ ደቃቅ ቅንጣቶችን ቢያንስ 95 በመቶ ስለሚያስቀር ነው። ቁጥሩ የጨርቁ ነው። አየር በጉንጭ በኩል ሾልኮ ከገባ ቁጥሩ አይሠራም።

ራውንድ ላይ ቆማችሁ የባልደረቦቻችሁን ፊት እስቲ ተመልከቱ። አንዱ ሁለቱንም ላስቲክ አንገቱ ላይ አድርጎታል። ሌላው የታችኛውን ላስቲክ ፊት ለፊት አንጠልጥሎታል። ሦስተኛዋ ከሥር ሰርጂካል አድርጋ ኤን 95ቱን ከላይ ደርባለች፤ ድርብ መከላከያ መስሏት ነው፣ ግን የውስጡ ማስክ ዳሩን አንስቶ ቀዳዳ ፈጥሮባታል። ጢሙን ያሳደገው ሬዚደንት ደግሞ ምንም ዓይነት ኤን 95 ቢያደርግ አይገጥምለትም። ይላጫል ወይ ሌላ ሰው ይገባል። ይህን ስል ቅር የሚሰኙ አሉ፣ ግን አየሩ አይደራደርም።

አደራረጉ እንዲህ ነው። የላይኛው ላስቲክ ከጆሮ በላይ አልፎ ጭንቅላት ላይ ይሁን። የታችኛው ከጆሮ በታች አንገት ላይ ይሁን። አይጠላለፉ። የአፍንጫውን ብረት በሁለት እጅ ጣቶች ከመሃል ወደ ጎን ተጫኑት፤ በአንድ እጅ ቆንጠጥ ማድረግ ሹል ጫፍ ይፈጥርና ያሳልፋል። ከዚያ በሁለት መዳፍ ሸፍናችሁ በኃይል ተንፍሱ። ዓይናችሁ አካባቢ ንፋስ ከተሰማችሁ ወይም መነጽራችሁ ጉም ከለበሰ እንደገና አስተካክሉ። ወደ ውስጥ ስትስቡ ማስኩ ትንሽ ወደ ፊታችሁ መሳብ አለበት። ይሄ አሥር ሰከንድ ነው የሚፈጀው፤ በር ከመከፈቱ በፊት፣ ባደረጋችሁ ቁጥር መደረግ አለበት።

እጥረት ስላለ ለቲቢ በሽተኛ ያደረጋችሁትን ደግማችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፤ ቅርጹ ካልተበላሸ፣ ላስቲኩ ካልላላ፣ ካልረጠበ። በወረቀት ከረጢት ስማችሁን ጽፋችሁ አስቀምጡት። በፌስታል አትቋጥሩት፤ እርጥበት ይይዛል። አትጠቡት፣ አልኮልም አትርጩበት። ጨርቁ ደቃቁን ነገር የሚይዘው በውስጡ ባለው የኤሌክትሪክ ሙል ነው፤ አልኮል ያን ያጠፋዋል። ማስኩ ሲታይ ግን አዲስ ይመስላል፣ ጉዳቱም እዚህ ላይ ነው።

መስኮት መዝጋት

«ንፋስ ይመታዋል» የማይባልበት ዋርድ የለም። ነርሷ ትከፍታለች፣ አስታማሚው ይዘጋል። እስከ ጠዋት ክፍሉ የስምንት ሰው ትንፋሽ ይሞላዋል። አብዛኛው ሆስፒታላችን አየር ወደ ውስጥ ብቻ የሚስብ ክፍል ስለሌለው መስኮቱ የሕክምናው አካል ነው። ከአስታማሚው ጋር መጨቃጨቅ አያዋጣም። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ስጡና ለምን እንደሚከፈት ንገሩት። ወደ ኮሪደሩ የሚወስደው በር ይዘጋ፣ ወደ ውጭ የሚያወጣው መስኮት ይከፈት። ስታክሙ ንፋሱ ከጀርባችሁ ወደ በሽተኛው፣ ከእሱም ወደ መስኮቱ እንዲሄድ ሆናችሁ ቁሙ።

ኩፍኝ ደግሞ ከቲቢም ይብሳል። ልጁ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳን ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት አየሩ ላይ ሊቆይ ይችላል። ሽፍታው ስለሚታይ የቆዳ ነገር የሚመስላቸው አሉ። እዚያ የሚገባው መጀመሪያ የተከተበ ወይም በልጅነቱ የታመመ ሠራተኛ ነው፣ እሱም ኤን 95 አድርጎ።

ለሁሉም ኤን 95 ማውጣት

ማጅራት ገትር ሲባል ዋርዱ ይሸበራል። ያሉት ኤን 95ዎች በአንድ ቀን ያልቃሉ፤ በማግስቱ የቲቢው ክፍል ባዶ ይቀራል። ማጅራት ገትር የሚያመጣው ሜኒንጎኮከስ፣ ትክትክና ጆሮ ደግፍ በአብዛኛው በቅርብ ርቀት በሚፈናጠሩ ጠብታዎች ስለሚተላለፉ አጠገባቸው ለሚቆም ሰው ሰርጂካል ማስክ ይበቃል። ለሜኒንጎኮከስ ጥንቃቄው ትክክለኛው አንቲባዮቲክ ከተጀመረ 24 ሰዓት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ቱቦ ወደ መተንፈሻ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔ ኤን 95 እና የዓይን መከላከያ ይወጣል።

በአየርና በጠብታ መካከል ያለው መስመር መጽሐፍ ላይ እንደተሰመረው ቀጥ ያለ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2024 እ.ኤ.አ. ቃላቱን ደግሞ አይቷቸዋል። ዋርድ ላይ ግን ያለንን ኤን 95 ለማን እንደምናውል ለመወሰን አሁንም ይጠቅመናል።

ማስክ ላይ አተኩሮ እጅን መርሳት

እከክ ያለበት ወይም ቁስሉ መድኃኒት በተላመደ ጀርም የተያዘ በሽተኛ ጋ የሚያስፈልገው ጓንትና ጋውን ነው። የሚፈናጠር ነገር ከሌለ ማስኩ ግዴታ አይደለም። እዚያ የሚሳሳቱት በጓንቱ ነው። ቁስል አጽድቶ በዚያው ጓንት ቻርት መጻፍ፣ የበር እጀታ መያዝ፣ ስልክ ማንሳት። ጓንቱ ሠራተኛውን አዳነ፣ ለሚቀጥለው አልጋ ግን ጀርሙን ይዞለት ሄደ።

አወላለቁም ቅደም ተከተል አለው። ጓንት መጀመሪያ፣ ከዚያ መነጽር፣ ከዚያ ጋውን፤ ሁሉም ክፍሉ ውስጥ በሩ አጠገብ። ኤን 95 ከሆነ ከወጣችሁና በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው የሚወልቀው፤ የታችኛው ላስቲክ ቀድሞ፣ የፊቱን ክፍል ሳትነኩ። ከዚያ እጅ።

እጅ ሲባል ለአብዛኛው ጀርም የአልኮል ጄል ይሠራል። አንቲባዮቲክ ሲወስድ ቆይቶ ኃይለኛ ተቅማጥ ለጀመረው በሽተኛ ግን አይበቃም፤ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባለውን ጀርም ስፖር አልኮል አይገድለውም። ሳሙናና ውሃ ነው የሚያስፈልገው። ቧንቧው ደርቆ ከሆነ ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲና ሳሙና በሩ ላይ ይቀመጥ፣ አልጋውና ሽንት ቤቱም በበረኪና ይጠረግ።