ጠፍጣፋ እግር ላለው ልጅ ጫማ እንዴት ይመረጣል? ሐኪም የሚያስፈልገውስ መቼ ነው?

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል በባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ የልጆች ጫማ በየመደቡ ይደረደራል። የጠፍጣፋ እግር ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣውም ያኔ ነው። እናት ጫማ ልታስለካ ልጇን ስታቆም የውስጥ እግሩ ከመሬት ጋር ተጣብቆ ታየዋለች፤ ሻጩ ደግሞ «ለእንዲህ ዓይነት እግር ድጋፍ ያለው ጫማ ነው የሚሆነው» ብሎ ወፈር ያለ ዋጋ ይጠራል።

ገንዘቡን ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ፤ ጫማ የእግርን ቅስት አይሠራም። ሕፃናት ሁሉ ሲወለዱ እግራቸው ጠፍጣፋ ነው። የውስጥ እግራቸው በስብ የተሞላ፣ አጥንቶቻቸውን የሚያያይዙት ጅማቶችም የላሉ ናቸው። ቅስቱ የሚወጣው ቀስ በቀስ፣ እስከ 10 ዓመት ገደማ ድረስ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጠፍጣፋ እግር ያላቸውን ትንንሽ ልጆች ለሦስት ዓመት «የሚያስተካክል» ጫማና ድጋፍ አድርጎላቸው ነበር፤ ምንም ካልተደረገላቸው ልጆች የተለየ ቅስት አላወጡም። በ1992 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሕንድ 2,300 ልጆች ታይተው ጠፍጣፋ እግር የተገኘው ጫማ ከሚያደርጉት 8.6 በመቶው፣ ከማያደርጉት ደግሞ 2.8 በመቶው ላይ ነው።

ይህን ሰምቶ ልጅን በባዶ እግር ወደ ውጭ መስደድ ግን አይገባም። በጎጃም ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ዝሆኔን ያመጣል፤ እርጥብ መሬት ላይ ደግሞ የመንጠቆ ትል በእግር ቆዳ ይገባል። ልጁ ቤት ውስጥ፣ በምንጣፍና በንጹሕ ወለል ላይ በባዶ እግሩ ይሩጥ፤ ከደጅ ሲወጣ ጫማ ያድርግ።

አንድ፦ ከጫማው በፊት እግሩን ይዩ

ልጁን በባዶ እግሩ ያቁሙትና ከኋላው ይቀመጡ። ከዚያ በጣቶቹ ጫፍ እንዲቆም ይንገሩት። ያልነበረው ቅስት ብቅ ካለና ተረከዙ ወደ ውስጥ ዘንበል ካለ እግሩ ተጣጣፊ ነው፤ ይህ በልጅነት የሚጠበቅ ጠፍጣፋነት ነው። በእግር ጣቶቹ ጫፍ ለመቆም ለሚያስቸግረው ትንሽ ልጅ፣ ቆሞ ሳለ አውራ ጣቱን በእጅዎ ወደ ላይ ቀና ያድርጉለት፤ ቅስቱ በዚያም ይታያል።

ቀጥሎ ተረከዙን ከመሬት ሳያነሣ ቁጢጥ እንዲል ያድርጉት። ወደ ኋላ የሚወድቅ ወይም ተረከዙ የሚነሣ ከሆነ የቁርጭምጭሚቱ የኋላ ጅማት አጥሯል ማለት ነው። ተጣጣፊ ጠፍጣፋ እግር ሕመም ሲያመጣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ጅማት ነው። መፍትሔውም ማሳሳብ ነው፤ ልጁ ግድግዳ ተደግፎ አንድ እግሩን ወደ ኋላ ያደርጋል፣ ጉልበቱን ቀጥ፣ ተረከዙን ከመሬት እንዳጣበቀ ለ30 ሴኮንድ ይቆያል፣ ይህንንም በየእግሩ ሦስት ጊዜ በየቀኑ ይደጋግማል።

ሁለት፦ ቤት ውስጥ ይለኩ፤ ወደ ገበያ ካርቶን ይዘው ይሂዱ

እግር ከሰዓት በኋላ በመጠኑ ያብጣል፤ ስለዚህ የሚለካው ወደ ማታ ነው። ወረቀቱን ከግድግዳ አስጠግተው መሬት ላይ ያንጥፉ፣ ልጁ ተረከዙን ግድግዳውን አስነክቶ ሙሉ ክብደቱን ጥሎ ይቁም፣ ከሁሉ ረጅም የሆነው ጣት የደረሰበትን ያመልክቱ። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም። ሁለቱንም እግሮች ይለኩና ትልቁን ይያዙ።

በምሠራበት የፊዚዮቴራፒ ክፍል አንዲት እናት ሁለት ልጆች ይዛ መጥታ ነበር። የመጣችው ስለ ታናሽየዋ፣ ስለ አምስት ዓመቷ ልጅ ነው፤ «ስትሮጥ እግሯ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ ትወድቃለች፤ ደግሞም ጠፍጣፋ ነው» አለች። የልጅቷ ቀኝ እግር 17.4፣ ግራው 17.1 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በ17.4 ላይ ለጣቶቿ መፈናፈኛ 1.2 ስንጨምር 18.6 መጣ። የአውሮፓ ቁጥር ለማግኘት ይህን በ1.5 ማባዛት ነው፤ 27.9 ይሆናል፤ ስለዚህ ቁጥሯ 28 ነው። ያደረገችው ጫማ ግን 31 ነበር፣ «ያድግላታል» ተብሎ የተገዛ። የጫማው ጫፍ ከጣቷ ሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ አልፎ ይሄዳል። እግሯ ወደ ውስጥ ለሚዞር ልጅ ይህ ትርፍ የመውደቂያ ምክንያት ነው፤ ጫፉ የሌላውን እግር ተረከዝ ይመታል፤ እሷም ጫማው እንዳያመልጣት ጣቶቿን ጨብጣ ትሄዳለች።

የፋብሪካ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ስለማይስማሙ ቁጥሩን ብቻ ማመን አይበቃም። በዚያች ልጅ ልክ 18.6 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ አንድ ጣት የሚሰፋ ቁራጭ ካርቶን ይቆርጣሉ፤ ጫማው ውስጥ እስከ ጫፉ ያስገቡታል። ካርቶኑ ሳይታጠፍ ልክ ከገባ ጫማው ይሆናል። ከታጠፈ ጠባብ ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወዲያና ወዲህ ከተንሸራተተ ሰፊ ነው። ልጁን በፀሐይ ገበያ ለገበያ ከመጎተትም ያድናል። ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ እግር በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ስለሚያድግ በየሦስትና አራት ወሩ እንደገና ይለኩ።

ሦስት፦ ጫማውን በእጅዎ ይፈትኑ

የተረከዙን ግድግዳ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጭምቅ ያድርጉት፤ በቀላሉ መሟሸሽ የለበትም። ከዚያ የፊቱን ጫፍ ይዘው ያጥፉት፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶቹ በሚታጠፉበት ቦታ ነው። መሐል ወገቡ ላይ የሚቀነጠስ ጫማ ለማንም እግር አይሆንም። ሶሉ ዝርግ፣ የፊቱ ክፍል ሰፊ፣ ከላይም በክር ወይም በማጣበቂያ የሚታሰር ይሁን። ይህን የሚያሟላ ተራ ሸራ ጫማ «ሕክምና» ከተባለው ውድ ጫማ አያንስም።

ነጠላ ጫማ ለመታጠቢያ ቤት ነው፤ ኮንጎ ጫማም ለክረምት ጭቃ ይጠቅማል እንጂ ቀኑን ሙሉ የሚደረግ አይደለም፤ እግርን ያልባል፣ ያንሸራትታል። ልባሽ ጫማ ከገዙ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይዩት። ተረከዙ ወደ አንድ ወገን ከዘመመ ቀድሞ ያደረገውን ልጅ አረማመድ ለልጅዎ ያወርሰዋልና ይተዉት።

ውስጡ የሚገባ ድጋፍን በተመለከተ፣ ልጁ ሕመም ከሌለው አያስፈልገውም። ሲመሽ የውስጥ እግሬን አመመኝ፣ ደከመኝ የሚል ከሆነ ለስላሳ ድጋፍ ያሳርፈዋል፤ ሥራው ማሳረፍ ብቻ ነው። የኋላ ጅማቱ ላጠረ ልጅ ጠንካራ ድጋፍ ማድረግ ደግሞ ሕመሙን ያባብሰዋል።

አራት፦ እግሩ ወደ ውስጥ የሚዞር ከሆነ የጉልበቱን ሎሚ ይዩ

በሁለቱም ጉልበት ሎሚ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ ያድርጉና ልጁ ወደ እርስዎ እንዲራመድ ያድርጉ። ነጥቦቹ እርስ በርስ የሚተያዩ ከሆነ መዞሩ ያለው በጭን አጥንት ላይ ነው። ይህ ከ3 እስከ 8 ዓመት ባሉ ልጆች ይበዛል፤ እንዲህ ያሉ ልጆች ጉልበታቸውን ገጥመው እግራቸውን ወደ ጎንና ጎን ዘርግተው መሬት ላይ መቀመጥ ይወዳሉ። አብዛኛው እስከ 10 ዓመት ድረስ ይስተካከላል። ነጥቦቹ ወደ ፊት እያዩ እግሩ ብቻ ከዞረ ጠማማነቱ በቅልጥም ነው፤ መራመድ በጀመሩ ሕፃናት ላይ የሚታየው ይህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ይለቃቸዋል። ጉልበትም ቅልጥምም ደህና ሆነው የሕፃኑ እግር ራሱ እንደ ባቄላ ከጎበጠ በእጅ ቀስ ብለው ያቅኑት፤ ከተቃና መጠበቅ ይቻላል፣ ድርቅ ካለ ገና ሕፃን ሳለ ሐኪም ይየው።

የዚያች ልጅ ሎሚዎች በሁለቱም በኩል እኩል ይተያዩ ነበር፤ በእግር ጣቶቿ ስትቆምም ቅስቱ ወጣ። ሕክምና አላስፈለጋትም፤ የሚበቃት በልኳ የተገዛ ጫማና ከስድስት ወር በኋላ እንደገና መታየት ነው።

እግሩ የዞረን ልጅ ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸትና ማሳሰር፣ ወይም የቀኙን ጫማ በግራ ማድረግ በብዙ ቤት ይሞከራል። የተጠማዘዘው አጥንቱ ራሱ ስለሆነ እሽትም ሆነ የተገለበጠ ጫማ አይመልሰውም፤ ጉዳት ሊያደርስ ግን ይችላል።

አምስት፦ ሐኪም የሚያስፈልገው ልጅ

የገረመኝ አብሯት የመጣው የ11 ዓመት ወንድሟ ነው። ስለ እሱ ማንም አልጠየቀም ነበር። ኳስ ሲጫወት እግሩ ደጋግሞ ወለም እንደሚለው፣ ለዚያም ሁልጊዜ ወጌሻ ዘንድ እንደሚሄድ እናቱ በጨዋታ መሐል አነሣችው። በእግር ጣቶቹ ጫፍ ስናቆመው የቀኝ እግሩ ቅስት አልወጣም፣ ተረከዙም ንቅንቅ አላለም። ድርቅ ያለ ጠፍጣፋ እግር ማለት ይህ ነው።

በእንዲህ ያለ እግር ውስጥ አንዳንዴ ከተረከዝ አካባቢ ያሉ ሁለት አጥንቶች ከውልደት ጀምሮ ተያይዘው ይገኛሉ። ማያያዣው በልጅነት ለስላሳ ስለሆነ አይታወቅም፤ ከ8 እስከ 16 ዓመት ባለው ጊዜ ወደ አጥንት ሲለወጥ ግን እግሩ ይደርቃል፣ ጎርባጣ ላይ ሲረግጥ ያመዋል፣ ወለምታ ይደጋገማል። በሰያፍ የተነሣ ራጅ ብዙውን ያሳያል፤ አንዳንዴ ሲቲ ስካን ይጨመራል። መጀመሪያ እግሩ በጄሶ ለጥቂት ሳምንታት ያርፋል፤ ሕመሙ ከተመለሰ ወደ ቀዶ ሕክምና ይሄዳል። እሱን ወደ አጥንት ሐኪም ላክነው።

ከዚህ ሌላ፣ አንድ እግሩ ብቻ የጠፈጠፈ ወይም የዞረ፣ የሚያነክስ፣ ሌሊት በሕመም የሚነቃ፣ 18 ወር ሞልቶት ያልሄደ፣ ሁልጊዜ በጣቶቹ ጫፍ የሚራመድ፣ ወይም ደህና ይሄድ የነበረና እየባሰበት የመጣ ልጅ በአጥንት ሐኪም መታየት አለበት። ከ8 ዓመት በኋላም እግሩ በጣም እየዞረ የሚጥለው ልጅ እንዲሁ። እግሩ ከመጉበጡ ጋር የእጁ አንጓ የወፈረ ሕፃን በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ ሪኬትስ ሊኖርበት ስለሚችል ይመርመር። ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ ሕፃን ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንሥቶ በየሳምንቱ በሚለወጥ ጄሶ ይታከማል፤ ትንሽ ይደግ ብሎ መጠበቅ አይገባም። ትኩሳት ኖሮት ድንገት እግሩን አልረግጥም ያለ ልጅ ደግሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ።

ባሕር ዳር ውስጥ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ፤ አስቸኳይ ካልሆነ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይዞ መሄድ መንገዱን ያሳጥራል። ሲሄዱ ልጁ የጨረሰውን አሮጌ ጫማ ሳያጥቡ ይውሰዱ፤ ሶሉ የት እንዳለቀ ሐኪሙ ያያል። ከፊትና ከኋላ ሲራመድ በስልክ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮም ይያዙ፤ ልጆች ሐኪም ፊት ሲሆኑ እንደ ቤታቸው አይራመዱም።