የሌለ ጽሑፍ መጥቀስ፦ ማጣቀሻ ስናጣራ የምንሠራቸው ስህተቶች

እንደ ቻትጂፒቲ ያለ የጽሑፍ ማመንጫ የሐሰት ማጣቀሻ ሲሰጥ ሁልጊዜ ሁሉንም ነገር አይፈጥርም። ተመራማሪው በሕይወት ያለ ሰው፣ ጆርናሉም የታወቀ ሊሆን ይችላል። የሌለው ጽሑፉ ነው። ስለዚህ በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም።

መሣሪያውን ራሱን መጠየቅ

ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ተሳፋሪ አቪያንካ አየር መንገድን ከሶ ነበር። ጠበቆቹ እ.ኤ.አ. በ2023 ለፍርድ ቤት ባቀረቡት ጽሑፍ ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የፍርድ ውሳኔዎች ጠቀሱ። አንደኛው ጠበቃ ከመካከላቸው ስለ አንዱ «እውነተኛ ነው?» ብሎ መሣሪያውን ጠይቆት ነበር። «አዎ» አለው። ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጧቸው። መልሱ የመጣው ውሸቱን ከፈጠረው ከዚያው ግምት ነውና ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

አድራሻውን አለማየት

ከፈጠራዎቹ አንዱ 925 F.3d 1339 የሚል ቁጥር ነበረው፤ የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቶች ውሳኔዎች የሚታተሙበት F.3d የተባለ መድበል ቅጽ 925፣ ገጽ 1339 ማለት ነው። ቅጹ እውነተኛ ነው። ገጹን የያዘው ግን ሌላ ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው። ርዕስ እንደልብ ይፈጠራል፤ ታትሞ ያለቀ ገጽ ግን ባለቤት አለው። ለጆርናልም እንዲሁ አድርጉ። ወደ ጆርናሉ ድረ ገጽ ግቡ፣ ቅጹንና ቁጥሩን ክፈቱ፣ በማውጫው ላይ በዚያ ገጽ ማን እንደጻፈ እዩ። ቅጹና ዓመቱ ካልገጠሙም ጠርጥሩ።

ዲኦአይ ከተከፈተ በቃ ማለት

ዲኦአይ የሚባለውን የጽሑፍ መለያ ቁጥር doi.org ላይ ስታስገቡ አንድ ጽሑፍ ቢከፈትም የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ርዕሱን፣ ደራሲውንና ዓመቱን አንድ በአንድ አስተያዩ።

ጎግል ስኮላር ላይ ስላለ ማመን

ከርዕሱ ፊት [CITATION] የሚል ካያችሁ፣ ስኮላር ጽሑፉን ራሱን አላገኘም። ብዙ ጊዜ ያየው ሌሎች ሲጠቅሱት ብቻ ነው። አንድ ሰው ሳያጣራ የጠቀሰው ፈጠራ በዚህ መንገድ እውነተኛ መስሎ ይቆያል። ሌላ ሰው ደግሞ ከዚያ ይገለብጠዋል፤ በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ስላላገኙት ብቻ ሐሰት ነው ማለት

የአገራችን የመመረቂያ ጽሑፎችና የቆዩ የአማርኛ መጻሕፍት አብዛኞቹ ዲኦአይ የላቸውም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ etd.aau.edu.et ላይ፣ የአፍሪካ ጆርናሎችን ደግሞ ajol.info ላይ ፈልጉ። የደራሲውን ስም በተለያየ አጻጻፍ ሞክሩ፤ ካልሆነ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ።

በሚመስለው መተካት

ማጣቀሻው ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ተቀራራቢ ርዕስ ያለው እውነተኛ ጽሑፍ ፈልጎ መሰካት ይቀላል። ግን ዓረፍተ ነገሩም ከዚያው መሣሪያ ከመጣ እሱም አብሮ ይጠረጠራል። አዲሱን ጽሑፍ አንብቡና ያላችሁትን የሚልበትን ገጽ አግኙ። ካላገኛችሁ ዓረፍተ ነገሩንም አውጡት።