የፋርማሲ የደንበኛ ካርድ ትርፍ ሲበላ፦ ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ ካርዱ ከተጀመረ ወዲህ ደንበኛ አልቀነሰም፣ እንዲያውም ሽያጩ ትንሽ ከፍ ብሏል። ወሩ ሲዘጋ ግን እጅ ላይ የሚቀረው ገንዘብ ካለፈው ያንሳል።

ምክንያት፦ ቅናሹ የሚሰላው ከሽያጩ ቢሆንም የሚወጣው ከትርፉ ነው። በ80 ብር የገባ መድኃኒት በ100 ብር ሲሸጥ 20 ብር ያስገኛል። ለባለካርዱ 5 በመቶ ሲቀነስለት በ95 ይሄዳል፣ ትርፉም 15 ብር ይሆናል። «አምስት በመቶ ብቻ» ያልነው የትርፋችን ሩብ ነው ማለት ነው።

በወር 200,000 ብር በካርድ የሚሸጥ ፋርማሲ እንውሰድ። 10,000 ብር ይለቃል። የለቀቀውን ለመመለስ በመደበኛው ዋጋ ሲሰላ በወር በድምሩ 267,000 ብር ገደማ በካርድ መሸጥ አለበት። ከአንድ ሰፈር ያን ያህል አዲስ ገዢ ከየት ይመጣል? ቅናሹን በብዛት የሚወስዱት ደግሞ ሳይቀነስላቸውም በየወሩ ይመጡ የነበሩ የግፊትና የስኳር ታካሚዎች ናቸው።

መፍትሄ፦ መድኃኒትን ከካርዱ አውጡ። በቅናሹ ፈንታ ነጥብ ስጡ፤ ነጥቡም በሎሽን፣ በዳይፐር፣ በሳሙና፣ በጥርስ ሳሙና ብቻ ይያዝ፤ ሲመነዘርም በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በነዚሁ ዕቃዎች ይሁን። ከ200,000ው ውስጥ የዚህ ዓይነት ሽያጭ 40,000 ብር ቢሆን 5 በመቶው 2,000 ብር ነው። 100 ብር የሚሸጠው ሎሽን የገባው በ70 ከሆነ፣ የ2,000 ብሩ ስጦታ እናንተን የሚያስወጣችሁ 1,400 ነው። ይህን የምለው ስለ ትርፍ ብቻ አይደለም። በአንቲባዮቲክ ላይ ነጥብ መስጠት ሰው የማያስፈልገውን መድኃኒት እንዲገዛ መገፋፋት ነው፤ ባለሙያ ይህን ማድረግ የለበትም።

ከመጀመራችሁ በፊት ለአንድ ወር የዕለት ሽያጩን መድኃኒትና ሌላ ብላችሁ በሁለት ረድፍ ጻፉ። ያለዚያ ቁጥሩ ግምት ነው።

ችግር፦ መድኃኒቱ ከካርዱ ሲወጣ የግፊት ታካሚዎቹ ይሄዱብናል የሚል ስጋት።

ምክንያትና መፍትሄ፦ እኔ እንዳየሁት እነዚህ ሰዎች የሚርቁት አምስት ብር ስላልተቀነሰላቸው ሳይሆን ሁለት ጊዜ «አልቋል» ተብለው ስለተመለሱ ነው። አምሎዲፒን ለ30 ቀን የወሰዱ እናት በ25ኛው ቀን ይደወልላቸው፦ «እማማ፣ መድኃኒትዎ ሊያልቅ ነው፤ አስቀምጠንልዎታል፤ ሲመጡም ግፊትዎን እንለካዎታለን።» ወጪው የስልክ ሂሳብና አምስት ደቂቃ ነው። ከመደወሉ በፊት ግን ማዘዣው አሁንም የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ። በአጭር መልዕክት ከላካችሁ የመድኃኒቱን ስም አትጻፉ፤ ስልኩን ሌላ ሰው ሊያየው ይችላል። ስምና መድኃኒት የተጻፈበት ደብተርም ባንኮኒ ላይ አይቀመጥ።

ችግር፦ ያልተመነዘረ ነጥብ ተከማችቶ ዓመት በዓል ሲደርስ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይመጣል።

መፍትሄ፦ ነጥቡ በስድስት ወር እንደሚያበቃ ከመጀመሪያው ቀን ካርዱ ላይ ይታተም። ካርዱ ከተሰጠ በኋላ ደንቡን መለወጥ ጠብ ያመጣል።