መልስ ያጣው የድጋፍ ደብዳቤ ጥያቄ እንዴት እንደተስተካከለ

ደብረ ማርቆስ የተመረቀው የአክስቴ ልጅ ለቀድሞ መምህሩ «ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የድጋፍ ደብዳቤ ቢጽፉልኝ» ብሎ በቴሌግራም ልኮ መልስ ስላጣ፣ መልእክቱን አብረን እንደገና ጻፍነው። መምህሩን ያገዳቸው ጠያቂው ማን እንደሆነና ስለ ምን እንደሚመሰክሩለት አለመገለጹ ይመስለኛል። አዲሱ እንዲህ ይላል፦ «በ2014 ዓ.ም. የመመረቂያ ጽሑፌን ያማከሩኝ ተማሪዎ ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ስለማመለክት፣ በጎዛምን የእርከን ሥራ ላይ ያደረግሁትን የመስክ ጥናት የሚመሰክር ደብዳቤ እስከ ግንቦት 20 ቢጽፉልኝ፤ የትምህርት ማስረጃዬንና የጥናቱን ማጠቃለያ አያይዣለሁ። ጊዜ ካጠረዎ ቢነግሩኝ ሌላ መምህር እጠይቃለሁ።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ልጁ ድፍረት ነው ብሎ ሊሰርዘው ነበር፤ እኔ ግን ሳይወዱ የሚጽፉት ደብዳቤ ደብዛዛ ሆኖ አመልካቹን ስለሚጎዳ እንዲቆይ አደረግሁ። መምህሩ ተስማምተው፣ ደብዳቤው ለማን ተብሎ እንደሚጻፍ ብቻ ጠየቁ፤ ይህም ቀድሞ ሊካተት የሚገባው ነው።