ክራውን ከገባ በኋላ የማይድን ድድ፦ ምክንያቱን መለየትና የማርጂን ቦታ መወሰን

ክራውኑ ከተጣበቀ ሳምንታት አልፈዋል። ታካሚው ሲቦርሽ ደም ያያል፤ በጥርሱ ዙሪያ ያለው ድድ ቀልቷል፣ አብጧል፣ በፕሮብ ሲነካም ይደማል። ብዙ ጊዜ «አቦራረስዎን ያስተካክሉ» ተብሎ ጥርሱ ይጸዳና ታካሚው ይሸኛል። የጎረቤቶቹ ጥርሶች ድድ ደህና ሆኖ የክራውኑ ብቻ ከተቆጣ ግን ጥፋቱ ያለው ክራውኑ ላይ ነው።

መጀመሪያ ቀላሉን ማጣራት

ፍሎስ አስገብታችሁ አውጡት። ከተሰነጣጠቀ ወይም ከተያዘ፣ የቀረ ሴመንት ወይም ክፍት ማርጂን አለ ማለት ነው። ከዚያ ኤክስፕሎረሩን ከጥርሱ ወደ ክራውኑ፣ ከክራውኑም ወደ ጥርሱ በማርጂኑ ላይ አንሸራቱት። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከተያዘ ክራውኑ ወይ ወጥቷል ወይ አጥሯል፤ በሁለቱም አቅጣጫ ከተያዘ ክፍተት አለ። ባይትዊንግ ራጅም አንሱ፤ ነገር ግን አንዳንድ ሴመንት በራጅ ላይ ስለማይታይ ራጁ ንጹህ ነው ብሎ መተው አይገባም።

የቀረው ሴመንት ከሆነ ሲወጣ ድዱ በሁለት ሳምንት ገደማ ይረጋጋል። ካልተረጋጋ ሁለት ነገር ይቀራል፤ አንዱ የክራውኑ ቅርጽ፣ ሌላው የማርጂኑ ጥልቀት።

ክራውኑ ወፍራም ከሆነ

ከድዱ ሲወጣ እንደ ሆድ የሚነፋ ክራውን ሲታይ ላቦራቶሪውን መውቀስ ይቀናናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቴክኒሺያኑ ቦታ አላገኘም። ጥርሱ በቂ ካልተሞረደ ሴራሚኩ የሚያስፈልገውን ውፍረት የሚያገኘው ወደ ውጭ በመውጣት ነው። ስለዚህ መፍትሄው ያለው ፕሪፓሬሽኑ ላይ ነው።

ለሙሉ ዚርኮኒያ የመንከሻው ገጽ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር፣ ሴራሚክ ለለበሰ ብረት ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር ይወርዳል። በመጀመሪያ የቡሩን ዲያሜትር አውቃችሁ የጥልቀት መስመሮች ቁረጡ፤ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ከዚያ በኋላ አውርዱ። በዓይን ብቻ ሲሞረድ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ከታሰበው ያነሰ ነው። በንክሻ የሚሠራው ጉብታ፣ ማለትም ከላይ የምላስ ጎን፣ ከታች የጉንጭ ጎን፣ ዘንበል ያለ ተጨማሪ ቅነሳ ይፈልጋል፤ ክራውን በብዛት የሚሳሳውና የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። የጎን ግድግዳዎቹ ለእያንዳንዳቸው 6 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይበሉ። ከመጠን በላይ ከተጠጋጉ ክራውኑ ይወልቃል። የመንጋጋ ጥርስ ከተሞረደ በኋላ ቢያንስ 4 ሚሊሜትር ከፍታ ይቅርለት። ይህ ሁሉ ብዙ ውሃ እየፈሰሰ ነው፤ መስመሩ ላይ የውሃ ግፊት ከቀነሰ ሥራውን አቁሙ።

ማርጂኑን ስትቆርጡ ከቡሩ ጫፍ ግማሹን ብቻ አስገቡ። ጫፉ 1.2 ሚሊሜትር ከሆነ የማርጂኑ ስፋት ከ0.6 አይለፍ። ከግማሹ በላይ ከገባ ውጭኛው ጠርዝ ላይ ስስ ከንፈር ይቀራል፤ ኢምፕሬሽን ላይ አይነበብም፣ ዳዩ ላይ ደግሞ ይሰበራል። ሰፋ ያለ ማርጂን ከፈለጋችሁ ወፍራም ቡር ውሰዱ።

ማርጂኑ ከድዱ በታች ምን ያህል ይግባ?

መጀመሪያ መግባት አለበት ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከኋላ ባለ፣ ሲስቁ በማይታይ ጥርስ ላይ ጤነኛ ጥርስ ካለ ማርጂኑን ከድዱ በላይ ወይም እኩል አቁሙት። ለማየትም፣ ለኢምፕሬሽንም፣ ለማጽዳትም ይቀላል። ወደ ታች የሚያስገባ በቂ ምክንያት የሚሆነው መታየቱ፣ የቆየ ሙሌት ወይም ብስባሽ ወደ ታች መውረዱ፣ ወይም ክራውኑን የሚይዝ ጤነኛ ግድግዳ መጉደሉ ነው። ሥሩ በታከመ ጥርስ ላይ ክራውኑ ከማርጂኑ በላይ በዙሪያው 2 ሚሊሜትር ጤነኛ ዴንቲን ሊያቅፍ ይገባል።

ከገባ የድዱን ኪስ ጥልቀት በፕሮብ ለኩ። ኪሱ 1.5 ሚሊሜትር ወይም ያነሰ ከሆነ ማርጂኑ ከድዱ ጫፍ በታች 0.5 ሚሊሜትር ይውረድ። ከ1.5 በላይ ከሆነ የኪሱን ግማሽ ያህል ይውረድ። በከንፈር ወይም በጉንጭ ጎን ኪሱ ከ2 ሚሊሜትር ከበለጠ ድዱን አስቀድሞ መቀነስ ይታሰብ፤ ጥልቅ ኪስ ውስጥ የተደበቀ ማርጂን ድዱ ሲሸሽ ብቅ ይላል።

ከኪሱ በታች ድዱ ከጥርሱ ጋር የሚጣበቅበት፣ በአማካይ 2 ሚሊሜትር የሚሆን ክፍል አለ፤ ከሱ በታች አጥንቱ ይጀምራል። ማርጂኑ እዚያ ክፍል ውስጥ ከገባ ድዱ ይቆጣል፤ ታካሚው የቱንም ያህል ቢቦርሽ አይድንም። ለዚህ ነው ከማርጂኑ እስከ አጥንቱ 3 ሚሊሜትር ያህል የሚጠበቀው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ማደንዘዣ ስጡና ፕሮቡን ከድዱ ጫፍ ጀምራችሁ አጥንት እስኪነካ ግፉ። ጤነኛ ሰው ላይ በከንፈር ወይም በጉንጭ ጎን 3፣ በጥርሶች መካከል 4 ሚሊሜትር ገደማ ይገኛል። ሰው ከሰው ስለሚለይ የዚያው ታካሚ ሌላ ጤነኛ ጥርስም ይለካ።

አንድ ምሳሌ

ከደብረ ብርሃን ፒያሳ ወዳለ ክሊኒክ የመጡ እናት የታችኛው ቀኝ መንጋጋ ሥሩ ታክሞ ክራውን ገብቶለታል፤ የኋላ ጎኑ ድድ ከገባ ጀምሮ ይደማል። ሴመንቱ ተጸድቷል፣ ማርጂኑ አይይዝም፣ ክራውኑም አላበጠም። በማደንዘዣ ሲለካ የኋላው ድድ ከጫፉ እስከ አጥንቱ 4 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ማርጂኑ ከድዱ በታች በ2.5 ላይ ነው። ስለዚህ ከማርጂኑ እስከ አጥንቱ የቀረው 1.5 ብቻ ነው። 3 ለመሙላት 1.5 ሚሊሜትር ይጎድላል።

እዚህ ክራውኑን በሌላ መቀየር ብቻውን አይጠቅምም፤ አዲሱም እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል። ማርጂኑን ወደ ላይ ማንሳት ቢቻል ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ግድግዳው የተሰበረው እስከዚያ በመሆኑ ጤነኛ ጥርስ የለም። የሚቀረው በቀዶ ጥገና 1.5 ሚሊሜትር አጥንት ማውረድ ነው። ከዚያ በፊት ራጁ ላይ ሁለት ነገር ይታያል፤ የሥሮቹ መለያያ ከአጥንቱ ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንዳለና የጎረቤቱ ጥርስ አጥንት አብሮ የሚቀነስ መሆኑ። መለያያው ሊጋለጥ ከሆነ ወይም የቀረው ሥር አጭር ከሆነ ጥርሱን በኦርቶዶንቲክስ መሳብ፣ ካልሆነም መንቀል ይነሳል።

በዚህች ታካሚ ላይ መለያያው ዝቅ ያለ ስለነበር አጥንቱ ወረደ። ከዚያ አዲሱ ክራውን እስኪሠራ በጊዜያዊ ክራውን መጠበቅ ነው፤ ለኋላ ጥርስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ለፊት ጥርስ ደግሞ ድዱ ቦታውን እስኪይዝ ከ3 እስከ 6 ወር። ሩቅ ለሚመጣ ታካሚ ይህ ከቀዶ ጥገናው በፊት ይነገራል፦ «እማማ፣ ሁለት ወር ያህል በጊዜያዊው ይቆያሉ፤ ቀጠሮው ከዚያ በኋላ ነው።» ጊዜያዊው ክራውን ጠርዙ ለስላሳ ይሁን፤ ሸካራ ጊዜያዊ ክራውን የዳነውን ድድ ዳግም ያስቆጣዋል።

መልሶ እንዳይመጣ

ማርጂኑን በመጀመሪያ በድዱ ጫፍ ልክ ቁረጡት። ከዚያ ቀጭን ኮርድ፣ 000 ወይም 00፣ ማርጂኑ እንዲደርስበት በምትፈልጉት ጥልቀት አስቀምጡና እስከ ኮርዱ አናት አውርዱት። ኮርዱ ቡሩን ከድዱ ይከላከላል፤ የት መቆም እንዳለባችሁም ያሳያችኋል። ለኢምፕሬሽን ሁለተኛ ኮርድ ከላይ ጨምራችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት፤ ሲወጣ እርጥብ ይሁን። ደርቆ የሚወጣ ኮርድ ድዱን ቆዳውን ገፎ ያደማዋል።

ድዱ አስቀድሞ የሚደማ ከሆነ በዚያ ቀን ኢምፕሬሽን አትውሰዱ። ጊዜያዊ ክራውን አስገቡና አንድ ሁለት ሳምንት ስጡት። ኢምፕሬሽኑ ከአፍ ሲወጣ ማርጂኑ ዙሪያውን ሳይቋረጥ፣ ከሱም አልፎ ያልተቆረጠው ሥር በትንሹ ሊታይ ይገባል። ያ ካልታየ ቴክኒሺያኑ ማርጂኑን በግምት ነው የሚያሰምረው፤ ስለዚህ ወደ ላቦራቶሪው ከመሄዱ በፊት እንደገና ይወሰድ።