የሦስት ደቂቃ ስክሪፕት ለምን አራት ደቂቃ ይሆናል?

ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን እዚህ ጅማ ለቡና ገበሬዎች የሦስት ደቂቃ የሬዲዮ መልእክት ጽፌ በቀጥታ አነበብኩ። ቀይ ቀዩን ብቻ ልቀሙ፣ መሬት ላይ አታስጡ፣ አልጋ ላይ አድርቁ የሚል ነው። ሰዓቱ ሲሞላ ቴክኒሻኑ ማይኩን ቀስ አድርጎ ዘጋብኝ። የመጨረሻው አንቀጽ እንዳለ ቀረ፤ የስብሰባው ቀንና ቦታ ደግሞ እዚያው ላይ ነበር። "ወንድሜ፣ ዜና እየጠበቀኝ ምን ላድርግህ?" አለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ደግሞ አንድ ብቻ አልነበረም።

የፈረንጅ ቁጥር መውሰድ

"በደቂቃ 150 ቃል" የሚል ነገር አይቼ ነበር። ለእንግሊዝኛ ያስኬዳል። የኛ ቃል ግን ብዙ ነገር ተሸክሞ ነው የሚሄደው፤ "ስለማይነግሩንም" ስንል አንድ ቃል ነው፣ እንግሊዝኛው ግን ያንኑ ለማለት አምስት ስድስት ቃል ይፈጃል። ስለዚህ ራሳችሁን ለኩ። ከዚያው ዓይነት ጽሑፍ 220 ቃል ያህል ቆጥራችሁ፣ ማይክ ፊት እንደምታነቡት ጮክ ብላችሁ አንብቡና በስልክ ሰዓት ያዙ። በዓይን ማንበብ አይቆጠርም፣ ዓይን ትንፋሽ አያጥረውም። እኔ 220ውን በ2 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ጨረስኩ። 220 ለ132 ተካፍሎ በ60 ሲባዛ 100 ይመጣል፤ የኔ ፍጥነት በደቂቃ 100 ቃል ነው ማለት ነው። የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። ያው መልእክት በአፋን ኦሮሞም የሚነበብ ከሆነ እሱን ለብቻው ለኩ፣ የአማርኛውን ቁጥር አታውሱት።

ሦስት ደቂቃውን በሙሉ ለንባብ መስጠት

180 ሰከንድ አለኝ ብላችሁ 300 ቃል እንዳትጽፉ። መጀመሪያ ሌላው ድርሻውን ይውሰድ። የኔ እንዲህ ነበር፦ መግቢያና መውጫ ሙዚቃ 15 ሰከንድ፣ የገበሬው ድምፅ 40፣ ሆን ብዬ የማደርጋቸው አራት ፋታዎች ሁለት ሁለት ሰከንድ፣ በድምሩ 8፣ ለመጠባበቂያ 5። ለንባብ የቀረው 112 ሰከንድ ነው። በ100 ሂሳብ 186 ቃል ገደማ ይይዛል። እኔ ግን በ150 አስልቼ 280 ጽፌ ነበር፤ በኔ ፍጥነት 168 ሰከንድ ይፈጃል፣ ማለትም አንድ ደቂቃ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ትርፍ።

ፋታን መርሳት፣ ወይም ሁለቴ መቁጠር

ሲለኩ በየአራት ነጥቡ ትንፋሽ መውሰዳችሁ አይቀርም። ያ በፍጥነታችሁ ውስጥ ገብቷል፣ ደግማችሁ አትቀንሱት። የሚቀነሰው ተጨማሪው ዝምታ ብቻ ነው፦ ከገበሬው ድምፅ በፊትና በኋላ፣ ወይም ሰው እንዲይዘው ከምትፈልጉት ቀንና ቦታ ቀጥሎ። እኔ ለእሱ ጽሑፉ ላይ ሁለት እዝባር (//) አደርጋለሁ። ምልክት ያልተደረገበት ፋታ ሲቸኩሉ መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነው።

መቸኮላችሁን ለማወቅ ጽሑፉን ግማሹ ቃል ላይ አስምሩና ሁለቱን ግማሾች ለየብቻ ለኩ። የመጀመሪያው 58 ሰከንድ፣ ሁለተኛው 47 ከሆነ እየሮጣችሁ ነው፤ ጽሑፉ ረዝሟል።

የኮምፒውተሩን ቆጠራ ማመን

ይሄኛው ነው ያስገረመኝ። "በ2017 ዓ.ም." ለኮምፒውተር ሁለት ቃል ነው። አፍ ላይ ግን "በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምህረት" ይሆናል፣ ስድስት ቃል። እንዲህ ዓይነት አምስት ቦታ ካለ 20 ቃል ተደብቋል፣ 12 ሰከንድ መሆኑ ነው። ኪ.ግም ት/ቤትም እንደዚያው። በተቃራኒው ደግሞ አራት ነጥቡን ከቃሉ አርቃችሁ የምትተይቡ ከሆነ ("ነው ።") ነጥቡም እንደ ቃል ይቆጠራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመቁጠራችሁ በፊት ቁጥሩንም ምህጻረ ቃሉንም እንደሚነበበው በፊደል ጻፉት፣ ነጥቡንም ወደ ቃሉ አስጠጉት። ለማንበብም ይመቻል።

"በፍጥነት አነበዋለሁ" ማለት

ሁለት ሦስት ሰከንድ ይገኝ ይሆናል። ሃያ ሰከንድ ግን አይገኝም፤ ቃላቱ ይዋጣሉ፣ ሬዲዮውን ከፍቶ ቡና እየለቀመ የሚሰማው ሰው ምኑንም አይዝም። ቅጽል እየለቀማችሁ ከምትደክሙ አንድ ሙሉ ሐሳብ አውጡ። እኔ ስለ ቡና ዋጋ የጻፍኩትን አንቀጽ እንዳለ ጣልኩት፣ ለራሱ ሌላ ፕሮግራም የሚወጣው ጉዳይ ነው። ከቀረው ውስጥም ሁለት ዓረፍተ ነገር በቅንፍ አድርጌ አስቀመጥኩ፤ ሰዓቱ ከገፋ ሳነብ እዘላቸዋለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ደግመን አነበብነው። 2 ደቂቃ ከ56። የስብሰባውን ቦታ ግን አሁንም መጨረሻ ላይ ለመተው ልቤ አልደፈረም፣ መሃል ላይ ከገበሬው ድምፅ ቀጥሎ አስገባሁት።